ባዶ ሆድና መጠጥ፦ ከረጅም ጾም በኋላ ስካር ለምን ይቸኩላል?

ከጾም ማግስት በመጀመሪያው ብርጭቆ ፊቱ የሚቀላ ሰው ሞልቷል። ሁለተኛውን ሲጨርስ ድምፁ ከፍ ይላል። ሦስተኛው ላይ ያወራውን መልሶ ያወራል። በነጋታው «ድሮ ይሄ መች ይነካኝ ነበር!» ይላል። መጠጡ ያው የድሮው ነው። ያልተመሳሰለው ሆዱ ነው።

በመጀመሪያ ጾም ስንል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እንደምናወራ እናስታውስ። አንደኛው እህልም ውሃም ሳይቀመስ ለሰዓታት የሚዘለቀው ነው። ለምሳሌ በአይሁድ የዮም ኪፑር ጾም ወደ 25 ሰዓት ይጠጋል። ሲያበቃ በሚደረገው የሃቭዳላ ሥርዓት ደግሞ በተለምዶ ወይን ይቀመሳል። ሁለተኛው ለሳምንታት የሚቆየው ነው፤ ሰው ይበላል፣ ግን የሚበላው ተመርጦ ነው፤ ብዙዎች በዚያው መጠጥም ይተዋሉ። የመጀመሪያው ሆድን ባዶ ያደርጋል። ሁለተኛው ሰውነት መጠጥን እንዲረሳ ያደርጋል። የጾሙ የመጨረሻ ቀን ላይ ሁለቱ የተገናኙበት ሰው ነው ቶሎ የሚወድቀው።

አሁን ወደ ሆድ እንግባ። አልኮል እንደ ምግብ መፈጨት አያስፈልገውም። እንደገባ በቀጥታ ወደ ደም ያልፋል። ከጨጓራ የሚያልፈው ግን ጥቂቱ ነው፤ አብዛኛው ደም የሚገባው ከትንሹ አንጀት ነው። የትንሹ አንጀት ግድግዳ እጥፋቱ ብዙ ስለሆነ የሚስብበት ስፋት ከጨጓራው ጋር አይወዳደርም። በሁለቱ መካከል ፓይሎረስ የሚባል የጡንቻ በር አለ። ነገሩ ሁሉ የሚወሰነው እዚህ በር ላይ ነው።

ጨጓራ ውስጥ ምግብ ካለ በሩ በደንብ አይከፈትም። ምግቡ እስኪላላ ድረስ በትንሽ በትንሹ እያሳለፈ ለሰዓታት ይይዘዋል። መጠጡም ከምግቡ ጋር ተቀላቅሎ ተራ ይጠብቃል። ጨጓራ ባዶ ከሆነ ግን ፈሳሽ የሚያቆመው ነገር የለም። የጠጡት በደቂቃዎች ውስጥ ትንሹ አንጀት ይደርሳል። ስለዚህ «ቅባት ብበላ ጨጓራዬን ይሸፍነዋል» የሚለው አባባል ልክ አይደለም። ቅባትም ሆነ ሌላ ምግብ የሚጠቅመው ግድግዳ ስለሚለብጥ ሳይሆን በሩን ስለሚያዘገይ ነው።

መዘግየቱ ሌላም ጥቅም አለው። ከአንጀት የወጣ ደም መጀመሪያ የሚያልፈው በጉበት ነው። አልኮሉ ቀስ እያለ ሲመጣ ጉበት ከፊሉን ገና ወደ ሌላው አካል ሳይሰራጭ ይሰባብረዋል። ባንዴ ሲጎርፍ ግን ኢንዛይሞቹ ይሞላባቸዋል፤ የተረፈው በቀጥታ ወደ አንጎል ይሄዳል።

በቁጥር እንየው። 70 ኪሎ የሚመዝን ወንድ 330 ሚሊ ሊትር የሆነ፣ 5 በመቶ አልኮል ያለው ቢራ ሦስት ጠርሙስ በ40 ደቂቃ ጠጣ እንበል። በአንዱ ጠርሙስ 13 ግራም ያህል አልኮል አለ፤ በሦስቱ 39 ግራም። ስዊድናዊው ኤሪክ ቪድማርክ እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው ስሌት መሠረት ይህ ሁሉ ባንዴ ቢሰራጭ በአንድ ሊትር ደም 0.8 ግራም ገደማ ይሆናል። ሰውየው ባዶ ሆዱን ከሆነ፣ ከጀመረ ከአንድ ሰዓት በኋላ ወደ 0.7 ይጠጋል። በብዙ አገሮች ለሾፌር የተፈቀደው ጣሪያ 0.5 ነው። ይኸው ሰው ጥሩ ምሳ በልቶ ቢሆን ኖሮ ከፍተኛው መጠን 0.4 ወይም 0.5 አካባቢ ሊቆም ይችል ነበር። 55 ኪሎ የምትመዝን ሴት ብትሆን ደግሞ በሰውነቷ ያለው ውሃ ስለሚያንስ ቁጥሩ ከ1 ያልፋል።

ፍጥነቱ በራሱም ያሰክራል። በደም ውስጥ ያለው መጠን እየወጣ ሳለ 0.5 ላይ ያለ ሰው፣ እየወረደ 0.5 ላይ ከደረሰ ሰው የበለጠ ይንገዳገዳል። ይህ የሜላንቢ ክስተት ይባላል። ባዶ ሆድ ላይ መውጫው ዳገት ቀጥ ያለ ነው፤ ለዚህ ነው ሰውየው «አናቴ ላይ ወጣ» የሚለው።

ብዙ ሰው ጥፋቱን በውሃ ጥም ላይ ይለጥፋል። እውነት አለው፣ ግን ትንሽ። አልኮል የሚሰራጨው በሰውነት ውሃ ውስጥ ነው። የ70 ኪሎ ወንድ ወደ 42 ሊትር ውሃ አለው። ከዚያ ላይ ሁለት ሊትር ቢጎድል 5 በመቶ ያህል ነው። ራስ ምታቱንና ማዞሩን ያባብሳል እንጂ ስካሩን እጥፍ አያደርገውም። በነገራችን ላይ የጠማው ሰው መጠጡን እንደ ውሃ ስለሚጨልጠው፣ ጉዳቱ ከጎደለው ውሃ ይልቅ ከአጠጣጡ ይመጣል።

ቶሎ ይሰከራል ማለት ደግሞ ቶሎ ይበርዳል ማለት አይደለም። የጾመ ሰው ጉበት አልኮልን የሚያጠፋበት ፍጥነት ከበላ ሰው ያንሳል። ለምሳሌው ሰውዬ በሰዓት 0.12 ግራም ያህል ቢወርድለት፣ ከ0.7 ወደ ዜሮ ለመድረስ ስድስት ሰዓት ይፈጅበታል። ቡና ያነቃው ይሆናል፤ ከደሙ ውስጥ ግን አንዲት ግራም አያወጣም። ከሰከሩ በኋላ መብላትም ያለፈውን አይመልስም፤ በሩን አልፏል።

ለሳምንታት መጠጥ የተወ ሰው ላይ ሌላም ነገር ይጨመራል። አዘውትሮ የሚጠጣ ሰው አንጎል አልኮልን ለምዶ ራሱን ያስተካክላል። ጾሙ ሲረዝም ይህ ልማድ ይላላል። ሰውየው ግን የሚያስታውሰው የድሮ ልኩን ነው። አምስት ጠርሙስ የለመደ እጅ አምስት ያዛል።

ከሁሉ አደገኛው የስኳር መውረድ ነው። ሳንበላ ስንውል ጉበታችን ካከማቸው ግላይኮጅን ስኳር እያወጣ ይመግበናል። አንድ ቀን ገደማ ሲሆን ክምችቱ ይመናመናል። ከዚያ በኋላ ጉበት ከሌላ ንጥረ ነገር አዲስ ስኳር ይሠራል። አልኮል የሚዘጋው ይህንን ሥራ ነው። ክምችቱ አልቋል፣ ምርቱም ቆሟል። ሰውየውን ላብ ያጠምቀዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ይመታል፣ ንግግሩ ይያያዝበታል። አጠገቡ ያለው «ሰክሯል፣ ይተኛ» ይላል። የሰከረም ስኳሩ የወረደም ከሩቅ አንድ ይመስላሉ። ቀዝቃዛ ላብና መንቀጥቀጥ ሲታይ የስኳር መለኪያ ካለ ቶሎ መለካት ነው፤ በዴሲሊትር ከ70 ሚሊ ግራም በታች ከሆነ ወርዷል። መዋጥ የሚችል ከሆነ ጣፋጭ ይሰጠዋል። ካልነቃ በጎኑ አስተኝቶ እርዳታ መጥራት እንጂ አፉ ውስጥ ምንም አይጨመርም። ኢንሱሊን ወይም የስኳር ኪኒን የሚወስድ ሰው ላይ ይህ ከተጠጣ ከብዙ ሰዓት በኋላ፣ ሌሊት በተኛበት ሊመጣ ስለሚችል፣ ቤት የገባውን ሰው ማታ አንዴ ቀስቅሶ ማየት ያስፈልጋል።

ጾም ፈትቶ መጠጣቱ የማይቀር ከሆነ ቅደም ተከተሉ ነው ዋናው። መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ጠንከር ያለ ምግብ፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ብርጭቆው። ምግብ ከመጠጡ ቀድሞ ጨጓራ ውስጥ መገኘት አለበት፤ ከሁለተኛው ጠርሙስ በኋላ የሚመጣ ሳህን ረፍዶበታል። አረፋ ያለው መጠጥ ባዶ ሆድ ላይ ቶሎ ወደ ደም የመግባት ጠባይ ስላለው «ቀላል ነው» ተብሎ መጀመሪያ የሚቀዳው ሻምፓኝ ወይም በለስላሳ የተበረዘ አልኮል ሰውን የሚያታልለው በዚህ ነው።