ሦስቱ የእርግዝና የደም ምርመራዎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ባለፈው እርግዝናዬ ነፃ ተብያለሁ፤ ባሌም ነፃ ነው። አሁን ደሜን ለምን ይወስዳሉ?»

ያለፈው ውጤት የሚናገረው ስላለፈው ጊዜ ብቻ ነው። የባል ውጤትም የሚስትን አይናገርም። ከጥንዶች አንዱ ኤች አይ ቪ ኖሮበት ሌላኛው ነፃ መሆኑ በየጤና ጣቢያው የሚታይ ነገር ነው። ለዚህ ነው ኤች አይ ቪ፣ ቂጥኝና ሄፓታይተስ ቢ በእያንዳንዱ እርግዝና፣ በመጀመሪያው ክትትል ላይ የሚመረመሩት። በእርግዝና መሃል በኤች አይ ቪ አዲስ የተያዘች ሴት በደሟ ውስጥ ብዙ ቫይረስ ስለሚኖር ለፅንሱ አደጋው ይበልጥ ይከፋል። ስለዚህ ወደ መውለጃው ሲቃረብ እንደገና ተመርመሪ ብትባዪ አትቀየሚ።

«ቂጥኝማ የለብኝም። ቁስል የለኝ፣ አያሳክከኝ።»

የቂጥኝ የመጀመሪያው ቁስል አያምም። ማህፀን በር ላይ ከወጣ አይታይም፣ ከዚያም በራሱ ይድናል። ቁስሉ ጠፋ ማለት ግን በሽታው ጠፋ ማለት አይደለም። ተህዋሲው በደም ውስጥ ቆይቶ በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ፅንሱ ይሻገራል። ፅንሱ ሆድ ውስጥ ሊሞት ይችላል፣ ያለ ጊዜው ሊወለድም ይችላል። አንዳንዱ ደግሞ ደህና መስሎ ተወልዶ ከሳምንታት በኋላ ይታመማል። በጣም የሚያንገበግበኝ፣ ይህን ሁሉ የሚከላከለው የቆየና ርካሽ መርፌ መሆኑ ነው፤ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን።

አንዲት እናት በ24ኛው ሳምንት መጥታ ቂጥኝ ተገኘባት እንበል። መቼ እንደያዛት አይታወቅም። ስለዚህ በየሳምንቱ አንድ ጊዜ፣ ሦስት ሳምንት ትወጋለች። በ26ኛው ሳምንት ጨረሰች ማለት ነው። ሕክምናው ከወሊድ ቢያንስ 30 ቀን ቀድሞ መጀመር ስላለበት፣ ይቺ እናት በቂ ጊዜ አላት። በ38ኛው ሳምንት ብትመጣ ኖሮ እሷም ትወጋለች፣ ሕፃኑም ከተወለደ በኋላ ራሱ ለ10 ቀን ያህል ፔኒሲሊን ይወስዳል።

እዚህ ላይ የሚበላሹ ነገሮች አሉ። ሁለተኛውን መርፌ ብዙ ቀን ማዘግየት ከመጀመሪያው ያስጀምራል። ባልየው ካልታከመ መልሶ ያስይዛታል። ፔኒሲሊን አይስማማኝም ብላ በሌላ ክኒን የታከመች እናት ደግሞ ለራሷ ቢሻላትም፣ እንደ ኤሪትሮማይሲን ያሉት መድኃኒቶች ወደ ፅንሱ በበቂ መጠን ስለማይደርሱ ልጇ እንደታከመ አይቆጠርም። እንዲህ ያለ አለርጂ ካለብሽ ሆስፒታል ውስጥ ሰውነትሽን ቀስ በቀስ አለማምደው ፔኒሲሊኑን ሊሰጡሽ ይችላሉ። በተወጋሽ ቀን ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ሊኖር ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ያልፋል። ምጥ የመሰለ ቁርጠት ከመጣ ወይም የፅንሱ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ግን ሳትውዪ ሳታድሪ ሂጂ።

«የኤች አይ ቪ መድኃኒቱ ፅንሱን ይጎዳዋል። ጡትም ማጥባት አልችልም።»

ምንም ካልተደረገ ቫይረሱ በእርግዝና፣ በወሊድና በጡት ከ100 ሕፃናት ከ15 እስከ 45 የሚሆኑትን ይይዛል። እናት በቀን አንዷን ክኒን ሳታቋርጥ ከዋጠች ቁጥሩ ከ5 በታች ይወርዳል፤ ቀድማ ከጀመረች ደግሞ ከዚያም በጣም ያንሳል። ኢትዮጵያ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነፍሰ ጡር እናቶች እንደታወቀባቸው ወዲያው እንዲጀምሩ ታደርጋለች። ሕፃኑም ከተወለደ ጀምሮ ለሳምንታት ኔቪራፒን የያዘ መከላከያ ይሰጠዋል።

ጡት ማጥባት ትችያለሽ። እስከ 6 ወር ድረስ ጡት ብቻ ይጥባ። ቅቤ ማስዋጡ፣ ውሃና አብሽ ማቅመሱ ይቅር፤ ገና ያልጠነከረውን አንጀት ይጎዱበታል። ዋናው ክፍተት የሚፈጠረው «ወለድኩ፣ አበቃ» ብሎ ክኒኑን ማቆም ላይ ነው። ቫይረሱ እንደገና ይበዛል፣ ልጁ ደግሞ ገና እየጠባ ነው።

«የወፍ በሽታ ቢኖርብኝ ዓይኔ ቢጫ ይሆን ነበር።»

ሄፓታይተስ ቢ ያለባቸው አብዛኞቹ እናቶች ዓይናቸው ነጭ ነው። አዋቂ ሲይዘው ብዙውን ጊዜ ሰውነቱ ያሸንፈዋል። ሲወለዱ ከተያዙ ሕፃናት ግን ከ10 ዘጠኙ ጋር ቫይረሱ ዕድሜ ልክ አብሮ ይኖራል፤ ኋላም የጉበት ካንሰር ሊያመጣባቸው ይችላል።

ቫይረሱ በብዛት የሚተላለፈው በወሊድ ሰዓት ስለሆነ የመጀመሪያው ክትባት ሕፃኑ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ መሰጠት አለበት። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጠው ከዚያ የሚቀጥል እንጂ የሚተካው አይደለም። በምትወልጂበት ቦታ ክትባቱ መኖሩን ከወዲሁ ጠይቂ። በደምሽ ያለው ቫይረስ ብዙ ከሆነ ከ28ኛው ሳምንት ጀምሮ ቴኖፎቪር ሊታዘዝልሽ ይችላል። ጡት ማጥባት አይከለከልም።

«ልጄ በ9 ወሩ በፈጣን ምርመራ ኤች አይ ቪ ወጣበት፤ ተይዟል ማለት ነው።»

ላይሆን ይችላል። ፈጣኑ ምርመራ የሚፈልገው ፀረ እንግዳ አካልን ነው፤ የእናት ፀረ እንግዳ አካል ደግሞ በልጁ ደም ውስጥ እስከ 18 ወር ሊቆይ ይችላል። እስከዚያ ቫይረሱን ራሱን የሚፈልግ ምርመራ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው በ6 ሳምንቱ፣ ከተረከዙ ደም ተወስዶ ይሠራል። የመጨረሻው መልስ የሚታወቀው 18 ወር ሞልቶትና ጡት ከተወ ቢያንስ 6 ሳምንት ሲሆነው ነው።