ጎረምሳ ብቻውን ጠንቃቃ፣ ጓደኛ ሲያየው ደፋር፦ ይሄ ነገር ምንድን ነው?

ጅማ ያደገ ሰው ከጅሬን ወደ ከተማ የሚወርደውን ቁልቁለት ያውቀዋል፣ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግስት ወደ ታች ያለውን። አንድ የ16 ዓመት ልጅ የአጎቱን ሞተር ይዞ ብቻውን ሲወርድ እናስብ፣ ኩርባው ጋር ሲደርስ ፍሬን ይይዛል፣ ማርሽ ይቀንሳል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ያው ልጅ በሌላ ቀን በዛው መንገድ ሁለት ጓደኞቹ በሌላ ሞተር ከኋላ ከኋላ እየተከተሉት ቢሆን ግን ኩርባውን ፍሬን ሳይነካ ሊገባበት ይችላል። ወድቆ ቤት ሲመጣ እናቱ "ጓደኞቹ ገፋፍተውት ነው" ትላለች፣ እኛም ትምህርት ቤት የተማርነው የአቻ ግፊት የሚባለውን ነው፣ ማለት አንዱ "አትፈራም?" ይላል ሌላው "እስቲ ወንድ ከሆንክ" ይላል ልጁም እምቢ ማለት ያቅተዋል። እንደዚ የሚሆንበት ጊዜ አለ አልክድም። ግን ብዙ ጊዜ ማንም ምንም አላለውም። ማየታቸው ብቻ በቂ ነው፣ ይሄ ነው ወላጆች እንዲያውቁት በጣም የምፈልገው ነገር።

በፈረንጆቹ 2005 ማርጎ ጋርድነር እና ሎረንስ ስታይንበርግ የሚባሉ የሳይኮሎጂ ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ ይሄን በኮምፒውተር የመኪና ጌም ፈትሸውታል። 306 ሰው ነበር፣ ከ13 እስከ 16 ዓመት፣ ከ18 እስከ 22፣ እና ከ24 በላይ ተብሎ በሶስት ተከፍሎ፣ ግማሹ ብቻውን ግማሹ ከሁለት እኩዮቹ ጋር ሆኖ ተጫወተ። ትንንሾቹ እኩዮቻቸው ባሉበት ሲጫወቱ የወሰዱት ሪስክ ብቻቸውን ከተጫወቱት ወደ እጥፍ ተጠጋ፣ መሃለኞቹም ላይ ጨመረ ግን ያን ያህል አይደለም፣ ትልልቆቹ ላይ ሰው ኖረም አልኖረም ለውጥ የለም። ብቻቸውን ሲሆኑ ግን በእድሜዎቹ መሃል ያለው ልዩነት ትንሽ ነበር፣ ስለዚ "ጎረምሳ በተፈጥሮው እብድ ነው" የሚባለው ብዙም አያስኬድም።

ከዛ በኋላ በ2011 ጄሰን ቼይንና ስታይንበርግ ከባልደረቦቻቸው ጋር ጭንቅላት ውስጥ ምን እንደሚካሄድ ለማየት ሰዎቹን ኤምአርአይ ማሽን ውስጥ አስተኝተው ጌም አጫወቷቸው። ጌሙ ቀላል ነው፣ መኪና እየነዳህ ትራፊክ መብራት ጋር ስትደርስ ቢጫ ይበራል፣ ብትቆም ትንሽ ሰዓት ታጣለህ፣ ጥሰህ ብታልፍና መኪና ባይመጣ ሰዓት ታተርፋለህ፣ ከተጋጨህ ግን ከመቆሙ የባሰ ሰዓት ይበላብሃል። ቶሎ የጨረሰ ገንዘብ ያገኛል። እያንዳንዱ ሰው እኩያ ጓደኞቹን ይዞ መጥቷል፣ አንድ ዙር ብቻውን ነው፣ ሌላውን ዙር ደግሞ ጓደኞቹ ሌላ ክፍል ሆነው በስክሪን እንደሚያዩት ያውቃል። ልብ በሉ፣ አጠገቡ አይደሉም። ጎረምሶቹ እየታዩ መሆኑን ሲያውቁ ብዙ መብራት ጣሱ፣ ብዙ ተጋጩ። ትልልቆቹ ምንም አልተለወጡም።

ማሽኑ ያሳየው ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። እኛ የምንገምተው ጓደኛ ሲመጣ ልጁ ማሰብ ያቆማል፣ ልጓሙ ይበጠሳል ብለን ነው። ራስን ለመግታት የሚያገለግለው የፊተኛው የአእምሮ ክፍል ግን ጓደኛ ስላየ ብሎ ስራውን ሲቀንስ አልታየም። የተለወጠው ሌላ ቦታ ነው፣ ቬንትራል ስትሪያተም የሚባል ውስጥ ያለ ክፍል አለ፣ ጥሩ ነገር ሊመጣ ነው ሲባል የሚነቃው እሱ ነው፣ ለምግብም ለገንዘብም ለሙገሳም። ጎረምሶቹ በጓደኛ ሲታዩ እሱ በጣም ነቃ፣ ትልልቆቹ ላይ ግን እንደዛ አልታየም። ማለት ጓደኛ ፍሬኑን አይነቅልም፣ ነዳጁን ነው የሚጨምረው።

ወደ ጅሬኑ ልጅ ስንመለስ ሂሳቡ እንዲህ ይሆናል። ብቻውን ሲሆን ኩርባውን በፍጥነት ቢገባ የሚያተርፈው ምንድን ነው፣ ቤቱ ትንሽ ቀድሞ መድረስ፣ በቃ። ሊያጣ የሚችለው ደግሞ እግሩን ነው፣ ስለዚ ፍሬን ይይዛል። ጓደኞቹ ሲያዩት አደጋው ያው ራሱ ነው፣ አስፋልቱም ያው ነው፣ ልጁም ያውቀዋል፣ ግን የትርፉ ጎን በአንዴ ያብጣል፣ የሚያገኘው ነገር እዛው በዛች ሰከንድ የሚጣፍጥ ይሆናል፣ አንዱ ስልክ አውጥቶ ቪዲዮ እየቀረፀው ከሆነማ አስቡት። "አደገኛ መሆኑን አታውቅም እንዴ?" ብሎ መጠየቅ የማይረዳው ለዚህ ነው፣ በደንብ ያውቃል። በ2014 የወጣ ሌላ ጥናት ላይ ከ15 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች የመሸነፍ እድላቸው በቁጥር ፊታቸው ተቀምጦላቸው ቁማር ተጫወቱ፣ የማያውቁት እኩያ እያየን ነው ብለው ሲያስቡ ያን ጊዜም ይበልጥ ደፈሩ። ለኔ ይሄ ምክርና ማስፈራሪያ ብቻውን ለምን እንደማይሰራ በደንብ ያስረዳል።

በነገራችን ላይ አይጥ ላይም ታይቷል፣ ጉርምስና ላይ ያሉ አይጦች ከእኩዮቻቸው ጋር ሲሆኑ ብቻቸውን ከሆኑት የበለጠ አልኮል ጠጡ፣ ያደጉት አይጦች ላይ ግን እንደዚ አልሆነም። አይጥ ደግሞ "ወንድ ከሆንክ" አይባልም።

እና ምን ይደረግ ለሚለው፣ ልጁን ከመለወጥ ይልቅ አብሮት ያለውን ሰው መለወጥ ይቀላል። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ስቴቶች አዲስ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ጎረምሳ እኩዮቹን ብዙ አድርጎ እንዳይጭን ይከለክላሉ፣ ምክንያቱም የ16 እና 17 ዓመት ሹፌሮች ላይ የተሳፋሪ ቁጥር በጨመረ ቁጥር ሹፌሩ የሚሞትበት አደጋ አብሮ ሲጨምር ታይቷል። እኛ ጋ "ሞተር አትንዳ" ብሎ ከመጨቃጨቅ "ንዳ፣ ግን ጓደኛ አትጫን፣ ተከታትላችሁም አትሂዱ" ማለት የበለጠ ሊጠብቀው ይችላል ብዬ አምናለሁ። ሌላው ደግሞ በ2016 የወጣ ጥናት ነው፣ ከ18 እስከ 22 ያሉ ወንዶች ቡድን ውስጥ እድሜው ከ25 እስከ 30 የሆነ አንድ ሰው ሲቀላቀል ቡድኑ የሚወስደው ሪስክ ቀነሰ፣ ብቻቸውን ሲወስኑ ወደሚወስዱት ተመለሰ። የሰፈር ኳስ ቡድን ይዞ ውጪ የሚወጣ አንድ ታላቅ ወንድም ካለ ዝም ብሎ አብሯቸው መቀመጡ ራሱ ስራ ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪም በዚሁ እድሜ ላይ ነው ያለው፣ 18 ሞላው ተብሎ ነገሩ አያልቅም።

ግን ሁሉም ልጅ እኩል አይደለም። የ2011ዱ የኤምአርአይ ጥናት 40 ሰው ብቻ ነው የነበረው፣ እዛም ውስጥ እኔን እኩያ አይገፋፋኝም ብለው ስለራሳቸው የመለሱት ልጆች ላይ ያ ክፍል ያን ያህል አልነቃም። ጌም ላይ መብራት መጣስና እውነተኛ ኩርባ ላይ ፍሬን መልቀቅም አንድ አይደለም። ወላጅ ቤቱ ሆኖ የሚያጣራው ደግሞ አለ፣ ልጁ ማንም ሳያየውም እንደዛው የሚነዳ፣ ብቻውንም የሚጠጣ፣ ብቻውንም ሌሊት የሚጠፋ ከሆነ ጉዳዩ ጓደኛ አይደለም። ምናልባት ሀዘን ነው፣ ምናልባት ሱስ ነው፣ ምናልባት ቤት ውስጥ ያለ ነገር ነው፣ እሱ ላይ ጓደኛ ማራቅ ጭራሽ ሊያብስበት ይችላል፣ ቁጭ ብሎ ማናገርና ባለሙያ ጋ መውሰድ ነው የሚያስፈልገው።