አንድ ክኒን፣ ሁለት ዋጋ፦ ደንበኛ ለብራንድ ለምን ይጨምራል?

የብራንድ ልዩነት የሚባለው አንድ ሻጭ ምርቱ ከተፎካካሪዎቹ ተለይቶ እንዲታይና ገዢው ለዚያ ልዩነት እንዲከፍል የሚያደርግበት አሠራር ነው። መኪና ወይም ስልክ ላይ ከስሙ የመጣው ዋጋ ከጥራቱ ከመጣው ጋር ስለሚደባለቅ ለመለየት ያስቸግራል። የራስ ምታት ክኒን ላይ ግን ጥርት ብሎ ይታያል፤ ፈዋሹ ንጥረ ነገርና መጠኑ በሚሊግራም ማሸጊያው ላይ ተጽፏል። ሁለት ፓኬቶች ሁለቱም 200 ሚሊግራም አይቡፕሮፌን ካሉ፣ የፍሬያቸውም ብዛት እኩል ሆኖ አንዱ በእጥፍ ከተሸጠ፣ ትርፉ ክፍያ በአብዛኛው ለስሙ ነው።

ይህን ትርፍ ክፍያ የሚከፍለው ማን እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት በግዢ መዝገቦች አሳይቷል። ፋርማሲስቶች ለራሳቸው ቤት የራስ ምታት መድኃኒት ሲገዙ ከ10 ጊዜ 9 ጊዜ ያህል የሚያነሱት ርካሹን፣ ሱቁ በራሱ ስም የሚሸጠውን ነው። ተራው ሸማች ግን ይህን የሚያደርገው ከ4 ጊዜ 3 ጊዜ ያህል ነው። የምግብ ባለሙያዎችም ጨውና ስኳር ሲገዙ ከሌላው ሰው ይልቅ ወደ ርካሹ ያደላሉ። በሌላ አነጋገር፣ የስሙ ዋጋ አንድ ክፍል ገዢው የማያውቀው ነገር ዋጋ ነው። ሁለቱ አንድ ስለመሆናቸው እርግጠኛ ያልሆነ ሰው ጥቂት ጨምሮ ጥርጣሬውን ይገላገላል። ልጁ ሌሊት ትኩሳት ለያዘው ወላጅ ይህ ስሌት ሞኝነት አይደለም።

ሌላው ክፍል ግን በዕውቀት ማነስ ብቻ አይገለጽም። እ.ኤ.አ. በ1981 በእንግሊዝ በ835 ሴቶች ላይ በተደረገ ሙከራ፣ አስፒሪን የታወቀ ስም ባለው ማሸጊያ ሲሰጥ ስም በሌለው ከተሰጠው ይበልጥ ሕመም አስታግሷል። ምንም መድኃኒት የሌለበት ክኒን እንኳ የታወቀውን ስም ሲይዝ ስም ከሌለው ባዶ ክኒን የተሻለ ሠርቷል። እንግዲህ ገዢው «ይሄኛው ይሻለኛል» ሲል መዋሸቱ አይደለም። ይህ የሚሠራው ግን እንደ ሕመም ባለ፣ ሰው ራሱ በሚሰማውና በሚመዝነው ነገር ላይ ነው፤ ስሙ ባክቴሪያ አይገድልም።

እውነተኛ ልዩነት የሚኖርበትም ቦታ አለ። ሌላ አምራች የሚሠራው ተመሳሳይ መድኃኒት ፈቃድ የሚያገኘው ወደ ደም የሚገባው መጠን ከዋናው ብራንድ ጋር ተነጻጽሮ፣ የስሌቱ ሙሉ የስሕተት ክልል ከ80 እስከ 125 በመቶ ውስጥ ሲያርፍ ነው። ብዙዎች ይህን «ርካሹ ክኒን ውስጥ ያለው መድኃኒት 80 በመቶ ብቻ ነው» ብለው ይረዱታል፤ ስሕተት ነው፣ የሚለካው የክኒኑ ይዘት ሳይሆን ደም ውስጥ የሚታየው ነው። ለራስ ምታት ትንሽ መዋዠቅ ለውጥ አያመጣም። ደም እንዳይረጋ እንደሚሰጠው ዋርፋሪን ላሉ፣ በሚያድነውና በሚጎዳው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ለሆኑ መድኃኒቶች ግን ከአንዱ አምራች ወደ ሌላው ሲቀየር ሐኪም መከታተል አለበት። ቁጥጥር በላላበት ገበያም የታወቀ ስም መፈለግ ምክንያት አለው፤ ችግሩ አስመሳዮችም አስቀድመው የሚኮርጁት ያንኑ ስም መሆኑ ነው።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ እዚህ የሚያወጣው የሽያጭ ክፍሉ ነው፣ አንዳንዴም ከልክ ያልፋል። ኑሮፌን የተባለው የአይቡፕሮፌን ብራንድ በአውስትራሊያ ለጀርባ ሕመም፣ ለወር አበባ ሕመም፣ ለማይግሬንና ለውጥረት ራስ ምታት ተብለው በተለዩ አራት ፓኬቶች ይሸጥ ነበር። አራቱም ውስጥ ያለው አንድ ነው፦ 342 ሚሊግራም አይቡፕሮፌን ላይሲን። ቁጥሩ ከ200 የሚበልጥ ቢመስልም ከአይቡፕሮፌኑ ጋር የተጣመረው ላይሲን የራሱ ክብደት ስላለው ነው እንጂ የሚሰጠው አይቡፕሮፌን ያው 200 ሚሊግራም ነው። ላይሲን ያለበት ዓይነት ቶሎ ወደ ደም ይገባል፣ ይህ እውነት ነው፤ ጀርባን ከራስ ለይቶ ግን አያውቅም። ዋጋው ከተራው ኑሮፌን እጥፍ ገደማ ነበር። አንድ ገዢ ጀርባውንም ራሱንም ሲያመው ሁለቱን ፓኬት ገዝቶ አንድ ላይ ቢወስድ፣ ሳያውቀው መጠኑን በእጥፍ ወሰደ ማለት ነው።

የአውስትራሊያ ፌዴራል ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 ማሸጊያዎቹ አሳሳች ናቸው አለ። በቀጣዩ ዓመት አምራቹ 1.7 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ተቀጣ፤ በይግባኝ ወደ 6 ሚሊዮን ከፍ አለ። ያስቀጣው ውድነቱ አይደለም። ስም፣ ቀለምና የሚያምር ካርቶን በፈለጉት ዋጋ ይሸጣሉ፤ «ለጀርባ ሕመም» የሚለው ጽሑፍ ግን ስለ ክኒኑ የተነገረ፣ እውነትነቱ ሊጣራ የሚችል ቃል ነበር።