ፊሊያ ምንድን ነው? አሪስቶትልና የፍቅር ዓይነቶች

«የጥንት ግሪኮች ፍቅርን በሰባት ከፍለውታል» የሚል ዝርዝር ሳያጋጥማችሁ አልቀረም። ኤሮስ፣ ፊሊያ፣ ስቶርጌ፣ አጋፔ፣ ሉዱስ፣ ፕራግማ እያለ ይቀጥላል። እንዲህ ተሰድሮ የሚገኝበት የጥንት መጽሐፍ ግን የለም። ሉዱስ ጭራሹን ላቲን ነው። እርሱንና ፕራግማን በፍቅር ዓይነትነት ያስተዋወቀው ጆን አለን ሊ የተባለ ካናዳዊ የማኅበራዊ ጥናት ሰው ሲሆን፣ ዘመኑም በኤሮጳውያን አቆጣጠር 1973 ነበር። ጥንታውያኑ የጻፉት ከዝርዝሩ ያነሰ፣ ግን እጅግ የጠለቀ ነው።

ከኤሮስ እንጀምር። ፕላቶን «ሲምፖዚየም» በተባለው ድርሰቱ ዲዮቲማ የምትባል ሴት ለሶቅራጥስ የነገረችውን ተረት አስፍሯል። አማልክት ድግስ ላይ ሳሉ ድህነት ልትለምን ከበር ቆመች፤ ብልሃት የተባለው ደግሞ ጠጥቶ አትክልት ሥፍራ ውስጥ ተኝቶ ነበር። አጠገቡ ጋደም አለችና ኤሮስን ፀነሰች። ልጁ እንደ አባቱ ዘዴኛ ሆነ፤ እንደ እናቱ ደግሞ ባዶ እግሩን የሚሄድ፣ ደጅ የሚያድር። ሐሳቡ ግልጽ ነው፦ ኤሮስ የጎደለውን የሚሻ ጥማት ነው፤ ያለንን ነገር አንራብም።

ፊሊያ፣ ማለትም ወዳጅነት፣ ከጥማት አይነሣም። አሪስቶትል «የኒቆማኮስ ሥነ ምግባር» ከሚባለው ሥራው አሥር መጻሕፍት ውስጥ ሁለቱን፣ ስምንተኛውንና ዘጠነኛውን፣ ለእርሱ ሰጥቷል። በፊሊያ ውስጥ ጓደኛሞችን ብቻ ሳይሆን ወላጅና ልጅን፣ ባልና ሚስትን፣ በአንድ መርከብ የተሳፈሩትን፣ አብረው የዘመቱትንም ይጨምራል። መስፈርቱን ለማሳየት የወይን ጠጅን ያነሣል። ወይን የሚወድ ሰው የወይኑ ወዳጅ አይባልም፤ ወይኑ መልሶ አይወደውም፣ እርሱም ለወይኑ መልካም አይመኝም። ቢመኝ እንኳ የሚመኘው ሳይበላሽ እንዲቆይለት ነው፤ ያውም ለራሱ። ስለዚህ ፊሊያ እንዲኖር ሁለቱ ወገኖች አንዱ ለሌላው በጎ መመኘት አለባቸው፤ ይህንንም ሁለቱም ማወቅ አለባቸው።

ሰዎች የሚዋደዱበት ምክንያት ሦስት ነው፦ ጥቅም፣ ደስታ ወይም የሌላው ሰው መልካም ጠባይ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አሪስቶትል አይንቃቸውም። የሚላቸው በቀላሉ የሚፈርሱ ናቸው ብቻ ነው፤ ጥቅሙ ሲያልቅ ወይም ጨዋታው ሲሰለች የሚያያይዝ ነገር አይቀርምና። ሦስተኛው ዘላቂ ነው፣ ግን ብርቅ ነው፤ ጊዜንም ይጠይቃል። ሰዎች አብረው «ጨው ሳይበሉ» አይተዋወቁም የሚለውን የዘመኑን አባባል የጠቀሰው እዚሁ ላይ ነው።

ለጀማሪ ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው ክፍል የሚመስለኝ ስለ ቅሬታ የጻፈው ነው። አንድ ሰው ለክራር መቺ «ዜማህ ባማረ ቁጥር ብዙ እከፍልሃለሁ» ብሎ ቃል ገባለት። በማግስቱ ክራር መቺው ክፍያውን ሲጠይቅ፣ ሰውየው «ደስታን በደስታ ከፍዬሃለሁ» አለው፤ በተስፋ ስትደሰት አድረሃል ማለቱ ነው። ሁለቱም የፈለጉት ደስታ ቢሆን ኖሮ ሂሳቡ በተዘጋ ነበር። ነገር ግን አንዱ ደስታ፣ ሌላው ገንዘብ ይፈልግ ነበር። አሪስቶትል የብዙ ጠብ ምንጭ ይህ ነው ይላል። በፍቅረኞች መካከልም እንዲሁ ነው፤ አንዱ በማየት ሲደሰት ሌላው እንክብካቤ በማግኘት ይደሰታል፣ ውበቱ ሲደበዝዝም ፍቅሩ አብሮ ይደበዝዛል። አብረው ሲኖሩ አንዱ የሌላውን ጠባይ ከወደደ ግን ይጸናል። ታዲያ የራስን ወዳጅነት ዓይነት ለማወቅ የምንነጫነጭበትን ነገር ማየት ይረዳል። «ስንት ረድቼው» እያለ የሚቆጥር ሰው ያለው በጥቅም ወዳጅነት ውስጥ ነው፤ ወቀሳ የሚበዛውም በዚያ ነውና።

ምላሽ የማይጠብቅ ፍቅርስ? አሪስቶትል እናትን ይጠራል። ልጆቻቸውን ለሌላ አሳዳጊ የሰጡ እናቶች አሉ፤ ልጁ እናቱ መሆኗን ባለማወቁ አጸፋውን ባይመልስላትም፣ ደህና መሆኑን ማየት ይበቃታል። ወዳጅነት ከመወደድ ይልቅ በመውደድ ላይ ይቆማል ለማለት ነው ይህን ያነሣው።

አጋፔ የሚባለው፣ ሰውን ሳይመርጥ የሚወደው ፍቅር፣ ግን በአሪስቶትል ዘንድ የራሱ ክፍል የለውም። ጎልቶ የወጣው በግሪክኛው መጽሐፍ ቅዱስ ነው፣ በተለይ በአዲስ ኪዳን። ልዩነቱ የሚታየው ወዳጅ ሲበላሽ ነው። አሪስቶትል ወዳጅህ ጠባዩ ቢከፋና ሊታረም የሚችል ከሆነ እርዳው፣ ገንዘቡን ከጠፋበት ሰው ይልቅ ለዚህ መድረስ ይገባል ይላል፤ መታረም ካልቻለ ግን ብትለየው አያስነቅፍም። ወንጌል ደግሞ ጠላትህንም ውደድ ይላል፤ የሰውየውን ጠባይ አስቀድሞ አይመዝንም።