በግሪድ ሜዝ ላይ መንገድ ፍለጋ፦ ቢኤፍኤስ እና ዲኤፍኤስ

ብሬድዝ ፈርስት ሰርች (ቢኤፍኤስ) እና ዴፕዝ ፈርስት ሰርች (ዲኤፍኤስ) በግሪድ፣ ማለትም በሳጥን በሳጥን በተከፋፈለ ሜዝ ውስጥ ከመነሻ እስከ መድረሻ መንገድ የሚፈልጉ ዘዴዎች ናቸው፤ ሜዝ ግድግዳ የበዛበት፣ መውጫው ግራ የሚያጋባ መተላለፊያ ነው። ሥራቸው በአብዛኛው አንድ ነው። አንድ ሳጥን ይጎበኛሉ። ግድግዳ ያልሆኑና ገና ያልታዩ ጎረቤቶቹን ይመዘግባሉ። ከዚያ ከተመዘገቡት አንዱን አንስተው ይቀጥላሉ። ልዩነቱ የቱን ያነሳሉ የሚለው ላይ ነው። ቢኤፍኤስ ቀድሞ የተመዘገበውን ያስቀድማል፤ ወረፋ ያከብራል። ዲኤፍኤስ መጨረሻ ላይ የገባውን ያነሳል፤ ፕሮግራመሮች ይህን ስታክ ይሉታል።

ዲኤፍኤስ ሰው በእግሩ ሜዝ ውስጥ ሲገባ ከሚያደርገው ጋር ስለሚቀራረብ ሐሳቡ የቆየ ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው ትሬሞ ያወጣው ዘዴ የዚሁ ዓይነት ነው። ቢኤፍኤስን ብዙዎች የሚያያይዙት ከአሜሪካዊው ኤድዋርድ ሙር ጋር ነው። ሙር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ያቀረበው ጽሑፍ ርዕሱ ራሱ በሜዝ ውስጥ ስላለው አጭሩ መንገድ ይናገራል። በ1961 ደግሞ ሲ. ዋይ. ሊ ሐሳቡን ሰርኪዩት ላይ ሽቦ ለመዘርጋት አዋለው። ሰሌዳው ግሪድ ሆነ፣ ሌላ ሽቦ የያዘው ቦታ ግድግዳ ሆነ፤ እጅግ ያማረ አጠቃቀም ነው። ቀዳሚነቱን በተመለከተ ግን ጀርመናዊው ኮንራድ ዙሰ በ1945 ጽፎት እንደነበር መጠቀስ አለበት፤ ጽሑፉ የታተመው በ1972 ስለሆነ ስሙ ወደኋላ ቀረ።

የጉብኝቱ ቅደም ተከተል በትንሽ ሜዝ ላይ ፍንትው ብሎ ይታያል። መነሻው ‹ሀ›፣ መድረሻው ‹ነ›፣ # ግድግዳ ነው።

```
ሀ መ ረ
ሰ # ቀ
ተ ነ ጠ
```

ጎረቤት የሚታየው በላይ፣ ቀኝ፣ ታች፣ ግራ ተራ ይሁን። በቢኤፍኤስ ‹ሀ› መጀመሪያ ‹መ›ን፣ ቀጥሎ ‹ሰ›ን ወረፋ ያስይዛል። ‹መ› ተራው ደርሶ ሲወጣ ‹ረ›ን ከኋላ ያስገባል፤ ‹ሰ› ደግሞ ‹ተ›ን። እንዲህ እያለ ጉብኝቱ ሀ፣ መ፣ ሰ፣ ረ፣ ተ፣ ቀ፣ ነ ይሆናል። ልብ ብሎ ላየው መጀመሪያ አንድ እርምጃ የሚርቁት፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት እርምጃ የሚርቁት ናቸው የወጡት። ቢኤፍኤስ አጭሩን መንገድ የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው። መንገዱን ለማውጣት እያንዳንዱ ሳጥን ማን እንዳስመዘገበው መያዝ አለበት። ‹ነ›ን ያስመዘገበው ‹ተ›፣ ‹ተ›ን ‹ሰ›፣ ‹ሰ›ን ‹ሀ› ነው። ሦስት እርምጃ ማለት ነው። ይህ የሚሠራው ግን ሁሉም እርምጃ እኩል ዋጋ ሲኖረው ብቻ ነው።

ዲኤፍኤስን ራሱን በሚጠራ ፈንክሽን (ሪከርሽን) ብንጽፈው በዚያው የጎረቤት ተራ ሀ፣ መ፣ ረ፣ ቀ፣ ጠ፣ ነ ብሎ ይደርሳል። የጎበኘው ስድስት ሳጥን ነው፤ ከቢኤፍኤስ በአንድ ያንሳል። መንገዱ ግን አምስት እርምጃ ሆነ። ‹ሰ›ን ዞር ብሎ እንኳ አላየውም።

ብዙ ጀማሪ ግራ የሚጋባው ዲኤፍኤስን በራሱ ስታክ ሲጽፍ ነው። ‹ሀ› መጀመሪያ ‹መ›ን፣ ከዚያ ‹ሰ›ን ስታክ ላይ ያስቀምጣል። ቀድሞ የሚነሳው ግን ከላይ ያለው ‹ሰ› ነው። ስለዚህ ጉብኝቱ ሀ፣ ሰ፣ ተ፣ ነ ይሆናል፤ በአራት ሳጥን አለቀ፣ መንገዱም አጭሩ ሆኖ ተገኘ። ይህ የአጋጣሚ ጉዳይ ነው እንጂ የዲኤፍኤስ ዋስትና አይደለም። በሪከርሽን የተገኘውን ተራ መልሶ ማግኘት የፈለገ ሰው ጎረቤቶቹን ከኋላ ወደፊት፣ ማለትም ግራ፣ ታች፣ ቀኝ፣ ላይ እያለ ማስገባት አለበት።

በቢኤፍኤስ ላይ በተደጋጋሚ የሚታየው ስህተት ሳጥኑን ወረፋ ሲገባ ሳይሆን ሲወጣ ምልክት ማድረግ ነው። ግድግዳ የሌለው ሁለት በሁለት ግሪድ ላይ እንኳ የማዶው ጥግ ከሁለት ጎረቤት ሁለት ጊዜ ይገባል። ሲወጣም የታየ መሆኑ ካልተጣራ ቅጂው እየተባዛ ይሄዳል፤ ባዶ አሥር በአሥር ግሪድ ላይ የማዶው ጥግ ብቻ 48,620 ጊዜ ወረፋ ይይዛል። መልሱ ትክክል ስለሚሆን ስህተቱ ቶሎ አይታወቅም። የወረፋውን ርዝመት ማተም ያጋልጠዋል፤ ከሳጥኖቹ ቁጥር ከበለጠ ችግሩ እዚያ ነው። መፍትሔው አንድ መስመር ነው፦

```python
if nxt not in seen:
    seen.add(nxt)
    queue.append(nxt)
```

የዲኤፍኤስ ችግር ሌላ ነው። ባዶ አርባ በአርባ ግሪድ ላይ ከላይ በተጠቀሰው የጎረቤት ተራ ከግራው የላይ ጥግ የተነሳ ሪከርሽን እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ሳይመለስ ወደ ፊት ይነጉዳል። ፓይተን በተለመደው አሠራሩ 1,000 ጥሪ ላይ ስለሚያቆም ፕሮግራሙ በ`RecursionError` ይቋረጣል። እንዲህ ባለ ጊዜ ገደቡን ከፍ ከማድረግ ይልቅ ወደ ራስ ስታክ መዞር ይሻላል።