«ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል»፦ የሚስቀው ጅብ የትኛው ነው?

ባለፈው ሰሞን ደሴ ውስጥ በአንድ የቅሬ፣ ማለትም የሰፈር እድር፣ ስብሰባ ላይ፣ ወደ ሰፈሩ ከመጣ ዓመት ያልሞላው ወጣት ተነሥቶ መዋጮውን ሳያጓድል እየከፈለ ስሙ እስካሁን መዝገብ ላይ ያልሰፈረበትን ምክንያት ጠየቀ። አንድ ትልቅ ሰው «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል፣ ልጄ» ሲሉ መለሱለት፤ ቤቱም በሳቅ ሞላ። ምሳሌው የቸኮለ ሰው የማይረባውን ይዞ ይቀራል ማለት መሆኑን የማያውቅ የለም። እኔን የከነከነኝ ግን ችኮላውን እንደ ሆዳምነት ቆጥረው ለስድብ ማዋላቸው ነው። ጅቡ ለምን ይቸኩላል?

ልጅ ሳለሁ ወሎ ውስጥ ደላንታ አያቴ ዘንድ ነበር የማድገው። በሬ በበሽታ ሲሞት ሥጋው በክት ስለሆነ ክርስቲያኑም እስላሙም አይቀምሰውም፤ ቆዳው ይገፈፍና ጎረቤት ተሰብስቦ በጠፍር እየጎተተ ከመንደር ራቅ ካለ ገደል አፋፍ ያደርሰዋል። ያን ዕለት ማታ አያቴ ወሬ ያስቆሙና ጆሯቸውን ወደ በሩ ያዘነብላሉ። መጀመሪያ ከሩቅ ከወፍራም ድምፅ ተነሥቶ ወደ ቀጭን የሚወጣ፣ ደጋግሞ የሚመላለስ «ኡ-ውውው» ይሰማል። «ይኸ ጥሪ ነው» ይላሉ። ትንሽ ቆይቶ ከገደሉ አፋፍ የተሰባበረ፣ የሚቆራረጥ ሳቅ ይነሣል። እኔ ጅቦቹ ጠግበው የተደሰቱ መስሎኝ ስስቅ አያቴ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «የሚስቀው የበላው አይደለም፣ ልጄ፤ የተባረረው ነው» አሉኝ።

ለዓመታት የአያቴ ጨዋታ ነው ብዬ ትቼው ነበር፤ ነገሩ ግን ልክ ነው። ዥንጉርጉር ጅብ በመንጋ ይኖራል፤ መንጋው ግን ቀን ቀን ተበታትኖ ስለሚውል የሚገናኘው በድምፅ ነው። ያ ረጅም ጥሪ እስከ 5 ኪሎ ሜትር ድረስ ይሰማል፤ የእያንዳንዱ ጅብ ጥሪ ደግሞ የራሱ ለዛ አለው፤ እናት የግልገሏን ድምፅ ለይታ ትነሣለች። ሳቁ ግን ሌላ ነገር ነው። የሚሰማው ሥጋ ላይ ሲሻሙ፣ አንዱ ሲነከስና ሲባረር፣ ወይም ምግቡን እያየ ሳይደርስበት ሲቀር ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ አንድ ጥናት በካሊፎርኒያ በርክሌይ ይጠበቁ የነበሩ ጅቦችን ሳቅ መርምሮ፣ የድምፁ ቅጥነት ዕድሜን እንደሚናገር፣ ማለትም ወጣቱ በቀጭኑ እንደሚስቅ፣ ማዕረጉ ዝቅ ያለው ጅብ ሳቅ ደግሞ ከበላዮቹ ይልቅ ከፍ ዝቅ የሚል፣ አንድ ዓይነት ሆኖ የማይረጋ መሆኑን አሳይቷል።

ማዕረግ ያልኩት በምክንያት ነው። በጅብ መንጋ የበላይዋ ሴቷ ናት፤ ግልገሎቿም ከሥሯ ያለውን ቦታ ይወርሳሉ። ከሌላ መንጋ የፈለሰ ወንድ ግን የቱንም ያህል ጉልበተኛ ቢሆን ከሁሉም በታች ሆኖ ይገባል። የበላዮቹ በአንድ ማዕድ እስከ 15 ኪሎ የሚደርስ ሥጋ ሊጎርሱ ስለሚችሉ፣ የበታቹ ተራውን ልጠብቅ ቢል የሚቀረው ደም የነካው ሣር ነው። ስለዚህ ሾልኮ ይገባል፤ ፊት ለፊቱ ያገኘውን ይነክሳል፤ ይባረራል፤ ይስቃል።

አሁን ወደ ቀንዱ። ጅብ አጥንት ሰባብሮ ይፈጫል፤ የቀንዱን ቅርፊት፣ ፀጉሩንና ሰኮናውን ግን ሆዱም አይቀበለውም፤ መልሶ ይተፋዋል። እኛ ልጆች በነጋታው ወደ አፋፉ ስንወርድ ከበሬው የምናገኘው ጥርስ የፈተገው ቀንድ ብቻ ነበር። እንግዲህ የእኔ ግምት ይህ ነው፦ ምሳሌውን ያወጣው ሰው ከቤቱ ሆኖ ሳቁን ያዳመጠ፣ ጠዋት ደግሞ ቀንዱን ያነሣ የወሎ ገበሬ ነው። ሌላው አገር የእኔ ነው ቢል አልከራከርም፤ ልቤ ግን ከደላንታ አይወጣም። በዚህ ግምት ችኩል የተባለው ጅብ ስስታሙ ሳይሆን መንጋው ከማዕዱ የገፋው ነው፤ ወደ ቀንዱ በኩል የሚደርሰውም ሌላው በኩል ስለተያዘበት ነው።

ታዲያ መዝገቡን የያዙት ራሳቸው፣ ቀድመው ጠግበው፣ በር ላይ የቆመውን «ችኩል ጅብ» ሲሉት መስማት ለእኔ ቀላል አልሆነልኝም። ምሳሌ የሚያውቅ ሽማግሌ ለማን እንደሚናገረውም ቢያውቅ መልካም ነበር። የዚያን ዕለት ቤቱ ሲስቅ ወጣቱም አብሮ ስቆ ተቀመጠ፤ ሳቁም ከፍ ዝቅ የሚል፣ የተሰባበረ ነበር።