የባሕር ነፋስ ወዴት ነው የሚነፍሰው?

ፒያሳ ማኪያቶ ይዘን ቁጭ ብለናል። ስምንተኛ ክፍል የሆነችው የወንድሜ ልጅ ደብተሯን ዘርግታ «አጎቴ፣ የባሕር ነፋስ ወደ ባሕር ነው አይደል የሚነፍሰው?» አለችኝ።

አይደለም። ነፋስ የሚጠራው በመጣበት ነው። የባሕር ነፋስ ከባሕር ወደ የብስ፣ የየብስ ነፋስ ከየብስ ወደ ባሕር ይነፍሳል።

«እኩለ ቀን ላይ አስፋልቱን ንኪው፣ ያቃጥላል» አልኳት። «እዚያው ፀሐይ ላይ የዋለ የባልዲ ውሃ ግን ለብ ቢል ነው።» ውሃ ቶሎ አይሞቅም፤ ቶሎም አይቀዘቅዝም። ጅቡቲን የመሰለ የባሕር ዳርቻ ላይም ቀን የብሱ ቀድሞ ይግላል። በላዩ ያለው አየር ቀልሎ ይወጣል፤ የባሕሩ ቀዝቀዝ ያለ አየር ቦታውን ሊይዝ ይገባል። ሌሊት የብሱ ቀድሞ ስለሚቀዘቅዝ ነገሩ ይገለበጣል።

«መሬት እየዞረች ነፋሱ ለምን አይጣመምም ታዲያ?» አለችኝ።

ይጣመማል፤ ግን ጉዞው አጭር ስለሆነ ብዙም አይታወቅም። ለመጣመም ሰዓትና ርቀት ያስፈልጋል። (በእቃ ማጠቢያው የሚወርደው ውሃ በመሬት መዞር ይሽከረከራል የሚሉት ወሬ ነው።)

ትልቁን ነፋስ በክረምት እይው። ከደቡብ ሕንድ ውቅያኖስ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይመጣል። የምድር ወገብ መሬቱ ወደ ምሥራቅ በሰዓት 1,670 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ ወደ ሰሜን ሲኬድ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ወገቡን የተሻገረው አየር ግን ፍጥነቱን እንደያዘ ነው፤ መሬቱን ቀድሞ ወደ ቀኙ ይታጠፋል። በሶማሊያ ዳርቻ አድርጎ ወደ ሕንድ ያመራል።

ከወገቡ በስተ ደቡብ ግን መታጠፊያው ወደ ግራ ነው። ፈተና ላይ የሚያሳስተው እሱ ነው።